ደመወዝ፦ በስምምነት

  የዛሬው ዝግጅታችን ትምህርቱን ጨርሶ የመጀመሪያ ሥራውን ለሚጠብቅ ልጅ ነው። ለወላጆቹም ነው፤ ልጁ ስልኩን ዘግቶ መጀመሪያ የሚያማክረው እነሱን ነውና።

አገር ቤት የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ የኖረ ሰው ሁለት አባባሎችን አይረሳም። አንዱ «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚለው ነው። ሌላው «ደመወዝ፦ በስምምነት» ነው። በስምምነት ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ ቁጥሩን ይናገራል፣ ተመራቂው እሺ ይላል፣ አለቀ። የመንግሥት ሥራ ከሆነማ መነሻው፣ እርከኑና ጣሪያው በስኬል ተወስኖ ስለሚጠብቅ ክርክር የሚባል ነገር የለም። መርካቶ ለአንድ ጥንድ ጫማ ሦስት ሱቅ ዞሮ የሚከራከር ሰው፣ የራሱ ደመወዝ ላይ ሲደርስ አንደበቱ ይታሰራል። ይሉኝታ ይይዘዋል። «ሥራ ሰጥተውኝ ደግሞ ጨምሩልኝ ልበል?» ይላል።

እኔ እዚህ ሎስ አንጀለስ የሠራተኛ ደመወዝ በሚዘጋጅበት ክፍል ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ አይነት የሥራ መደብ ላይ አብረው የገቡ ሁለት ልጆች የተለያየ ደመወዝ ሲጻፍላቸው አይቻለሁ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳጣራ ብዙ ጊዜ የማገኘው፣ አንደኛው በስልክ አንድ ጥያቄ መጠየቁን ነው። ስለዚህ ዛሬ በአንዲት ልጅ ታሪክ ላይ እንቆያለን። የእሷንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም።

ልጅቷ ኮሪያታውን ነው የምትኖረው፣ ከእናቷ ጋር። አካውንቲንግ ተምራ ተመርቃለች። እየተማረች በኦሊምፒክ ጎዳና የሚሄደውን 28 ቁጥር አውቶቡስ ይዛ ፌርፋክስ ትወርድና አንድ የእኛ ምግብ ቤት ታስተናግድ ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና እየተፈላ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ዊልሸር ላይ ያለ፣ ሃያ ያህል ሠራተኛ ያለው የሒሳብና የታክስ ቢሮ ነው። «መርጠንሻል፤ በዓመት 60,000 ዶላር እንከፍልሻለን» አሏት። ቁጥሩን በምግብ ማዘዣ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈችው። እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

እዚያው «እሺ» ልትል ነበር። ግን አንድ ቀን ቀደም ብላ አማክራኝ ስለነበር ያልኳት ነገር ትዝ አላት። እንዲህ አለች፦ «በጣም አመሰግናለሁ፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ዝርዝሩን በጽሑፍ ብትልኩልኝ አንብቤ መልሴን አሳውቃችኋለሁ። እስከ መቼ ልመልስላችሁ?» እስከ ሰኞ አሏት። ይኸው ነው። ምንም አልተከራከረች፣ ምንም አልለመነች። የአራት ቀን ጊዜ ግን አገኘች።

ማታ እናቷ ሰሙ። «ልጄ፣ ተመስገን በይ እንጂ! ተከራክረሽ ሥራውን ቢነጥቁሽስ?» አሉ። የእናት ስጋት ነው፣ አልፈርድባቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ አገር አሠሪ የሰጠውን የሥራ ግብዣ መልሶ ሊያነሳ ይችላል። ነገር ግን በትሕትና፣ አንድ ጊዜ፣ ምክንያት ይዞ የተጠየቀ ጥያቄ ይህን ሲያመጣ እኔ አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነው፤ ከተስማሙና ከፈረሙ በኋላ ተመልሰው ጨምሩ የሚሉ፣ ወይም ሌላ ቦታ ይህን ያህል ሰጥተውኛል ብለው የሚዋሹና ወረቀቱን አምጡ ሲባሉ የሚያፍሩ። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱ በኢሜይል መጣ። አብረን ተቀመጥንና መጀመሪያ ያየነው የ60,000ውን ቁጥር ሳይሆን ሥራው የወጣበትን ማስታወቂያ ነው። በካሊፎርኒያ ከ2023 መግቢያ ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ማስታወቂያው ላይ የደመወዙን መነሻና ጣሪያ መጻፍ በሕግ ይገደዳል። የዚህ ቢሮ ማስታወቂያ ከ58,000 እስከ 68,000 ይል ነበር። ስለዚህ እሷን ያስቀመጧት ከመነሻው ትንሽ ከፍ አድርገው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ድሮ ብዙ አሠሪ «ጣሪያው እዚህ አሥር ዓመት ለሠራ ሰው ነው» እያለ አዲስ ተመራቂን ያባርር ነበር። ከጥር 2026 ጀምሮ ግን ሕጉ ተጠናክሯል። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ደመወዝ አሠሪው አንድን ሰው ሲቀጥር በመነሻው እከፍላለሁ ብሎ በቅን ልቦና የሚገምተው መሆን አለበት። እንግዲህ 68,000 ብለው ከጻፉ፣ ዛሬ ለሚገባ ሰው ያን ያህል ሊከፍሉ እንደሚችሉ ራሳቸው ተናግረዋል ማለት ነው። ልጅቷ ጣሪያውን ትጠይቅ ማለቴ አይደለም፤ አዲስ ተመራቂ ነች። ነገር ግን ከ60,000 በላይ ስትጠይቅ ከሰማይ ያወረደችው ቁጥር አይሆንም፤ የእነሱ የገዛ ወረቀት ላይ ያለ ነው።

የሚቀጥራችሁ ሱቅ ወይም ቢሮ ከ15 ሰው በታች ቢሆንስ? ኮሪያታውንም ፌርፋክስም ላይ አብዛኛው እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ አይገደድም። ሆኖም የመጀመሪያውን ኢንተርቪው ከጨረሳችሁ በኋላ «ለዚህ ሥራ የመደባችሁት ደመወዝ ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሊነግራችሁ ይገባል። ይህ ለትንሹም ለትልቁም አሠሪ የተጻፈ ሕግ ነው።

ሌላም አለ። አሠሪው «አሁን ስንት ነው የሚከፈልሽ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ከ2018 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የተከለከለ ነው። «ስንት ትጠብቂያለሽ?» ማለት ግን ይችላል። ሁለቱ ጥያቄዎች በጆሮ ይቀራረባሉ፣ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። የእኛ ልጆች በቅንነት «ምግብ ቤት ነው የምሠራው፣ በሰዓት ይህን ያህል ነው» ብለው ራሳቸው ያወጡታል። በፈቃዳችሁ ከተናገራችሁ ደግሞ አሠሪው ደመወዛችሁን ሲወስን ያንን ቁጥር እንዲያይ ሕጉ ይፈቅድለታል። የአስተናጋጅነት ክፍያ ለሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ መለኪያ አይሆንም። ስለዚህ ስንት ትጠብቂያለሽ ከተባለች፣ መልሷ ማስታወቂያው ላይ ካለው ቁጥር ነው የሚነሳው።

አሁን ወደ «ዜሮ ዓመት» እንምጣ። ልጅቷን «ልምድ አለሽ?» ስላት ራሷን ነቀነቀች። «የለኝም ጋሼ፣ ማስተናገድ ብቻ ነው።» ትንሽ ቆየሁና ሥራዋን በዝርዝር እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ለካ የምግብ ቤቱ ባለቤት ማታ ማታ ሒሳቡን ለእሷ ትተውላት ይሄዱ ኖሯል። የካርዱን ሽያጭ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ታስተያያለች፣ በየሳምንቱ ኩዊክቡክስ ላይ ታስገባለች፣ ጉድለት ሲገኝ ከየት እንደመጣ ታጣራለች። ይህን አንድ ዓመት ተኩል ሠርታለች። ከዚህም ሌላ ቪታ በሚባለው፣ የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በሚደግፈው ፕሮግራም፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በነጻ ታክስ ስትሞላ ሁለት የታክስ ወቅት አሳልፋለች። ለዚያ የሚሰጠውን ፈተና አልፋ ነው የገባችው።

ይህ ሁሉ ሪዙሜዋ ላይ አልነበረም። ምግብ ቤቱ «አስተናጋጅ» በሚል አንድ ቃል ነበር የተጻፈው፤ ቪታ ጭራሹን አልተጠቀሰም፣ «ደመወዝ ስላልነበረው» ብላ። የታክስ ቢሮ ግን አዲስ ልጅ ቀጥሮ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያጠፋው ፎርሙን በማስተማር ነው። ፎርሙን የሚያውቅ ልጅ ሲገባ ያ ወጪ ይቀርለታል። አዲስ ተመራቂ የሚደራደረው በዚህ ነው፤ በሥራ ዘመን ቁጥር አይደለም። የቤት ኪራይ ተወዷል፣ የትምህርት ብድር አለብኝ ማለትም አይረዳም። እውነት ነው፣ ኮሪያታውን ኪራዩ ያስለቅሳል፤ ነገር ግን አሠሪው ለሚያገኘው ሥራ እንጂ ለእናንተ ኪራይ አይከፍልም።

ስንት ትጠይቅ? የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለእያንዳንዱ ሙያ በየከተማው የሚከፈለውን በነጻ ያወጣል። እዚያ ስትገቡ መሐል ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ አትውጡ፤ እሱ ዓመታት የሠራውንም ይጨምራል። ከመቶ ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ የሚያገኙት አሥሩና ሃያ አምስቱ የት ላይ እንደሚያበቁ የሚያሳዩትን ሁለት ዓምዶች ተመልከቱ፤ አዲስ ሰው የሚገኘው እዚያ አካባቢ ነው። እኛም ያንን ካየንና ከማስታወቂያው ጋር ካስተያየን በኋላ 64,000 ብለን ወሰንን። አንድ ቁጥር። «ከ62 እስከ 65» ካላችሁ አሠሪው የሚሰማው 62ቱን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ገንዘብ ያለበት ነው፣ እባካችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ። ወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «ኤግዘምት» የሚል ቃል ነበር። ልጅቷ አልፋው ሄዳለች። ኤግዘምት የተባለ ሠራተኛ የፈለገውን ያህል ሰዓት ቢሠራ ኦቨርታይም አይከፈለውም። የታክስ ቢሮ ደግሞ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ እንቅልፍ የለውም።

ሆኖም አሠሪው ስለፈለገ ብቻ አንድን ሰው ኤግዘምት ማድረግ አይችልም። በካሊፎርኒያ ለአብዛኛው የቢሮ ሥራ ሁለት ነገር መሟላት አለበት። አንደኛው የሥራው ጠባይ ነው፤ በራሱ ፍርድ የሚወስን ሰው መሆን አለበት፣ አለቃው የሰጠውን ፎርም የሚሞላ አዲስ ልጅ እዚያ ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። ሁለተኛው ደመወዙ ነው። የክልሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2026 16.90 ዶላር ነው። ሕጉ የዚህን እጥፍ ይጠይቃል፣ 33.80 ማለት ነው። በዓመት ውስጥ ባለው 2,080 የሥራ ሰዓት ስታባዙት 70,304 ዶላር ይመጣል። ደመወዙ ከዚህ ካነሰ ሰውየው ኤግዘምት አይደለም፣ ወረቀቱ ምንም ይበል። 60,000ም አያደርሳትም፣ 64,000ም አያደርሳትም። የማስታወቂያው ጣሪያ 68,000 እንኳ አያደርሳትም።

በገንዘብ እንየው። 60,000ን ለ2,080 ብታካፍሉት በሰዓት 28.85 ዶላር ገደማ ነው። በካሊፎርኒያ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የተሠራ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ስለዚህ የኦቨርታይም ሰዓቷ 43.27 ይሆናል። በታክስ ወቅት በቀን 11 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ትሠራ ብንል፣ በሳምንት 15 ትርፍ ሰዓት አላት። ለ12 ሳምንት 180 ሰዓት ነው። ሲባዛ ወደ 7,790 ዶላር ይጠጋል። ልጅቷ አራት ሺህ ለማስጨመር ስትጨነቅ፣ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጋ ገንዘብ በአንድ ቃል ሊያልፋት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደወለች። የተነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ላቅርበው። «ግብዣችሁን በደስታ አንብቤዋለሁ፣ ከእናንተ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። መጀመሪያ፣ ደመወዜ የማስታወቂያው መነሻ አካባቢ ነው፤ በምን መሠረት እንደተወሰነ ልታስረዱኝ ትችላላችሁ?» ሴትየዋ፣ የኤችአር ኃላፊዋ፣ «አዲስ ተመራቂ ስለሆንሽና ልምድ ስላላየን» አለች። ልጅቷ የጠበቀችውም ይህንኑ ነበር። «ሪዙሜዬ ላይ በደንብ አልጻፍኩትም፤ የምግብ ቤት ሒሳብ በኩዊክቡክስ ለአንድ ዓመት ተኩል ይዣለሁ፣ በቪታ ሁለት የታክስ ወቅት የግለሰብ ታክስ ሞልቻለሁ። በዚህ ምክንያት 64,000 ብታደርጉልኝ እላለሁ።»

ከዚያ ዝም አለች። አድማጮቼ፣ ከሁሉ የከበዳት ይህ ነው። የእኛ ሰው ቁጥር ተናግሮ ዝም ማለት አይሆንለትም። ወዲያው «ግን ካልቻላችሁም ችግር የለም» ይላል። አሠሪው መልስ ሳይሰጥ የራሱን ጥያቄ ራሱ ይመልሰዋል። ልጅቷ ደብተሯን እያየች ዝም አለች። ሴትየዋ «አለቃዬን ላነጋግር» አለች።

«ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ወረቀቱ ኤግዘምት ይላል። ደመወዙ በካሊፎርኒያ ለኤግዘምት ከተቀመጠው ያነሰ ስለሆነ ኖን ኤግዘምት ተብሎ ይስተካከል ይሆን?» አልከሰሰችም፣ አላስፈራራችም። ስሕተት የማረም ያህል ነው የተናገረችው፤ ምናልባትም ስሕተት ነበር። የድሮ ፎርም ገልብጠው የሚልኩ ብዙ ቢሮዎች አሉ።

በማግስቱ መልስ መጣ። 62,500። ኖን ኤግዘምት ተብሎ ተስተካክሏል። 64,000 አልሆነም፤ ግን 2,500 ጨምረዋል፣ ኦቨርታይሙም ተጠብቋል። እሷም አንድ ነገር ብቻ ጨምራ ጠየቀች፤ ከስድስት ወር በኋላ ደመወዟ እንደገና እንዲታይ በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ። ጻፉላት። ፈረመች። እናቷ የዚያን ዕለት ማታ ዶሮ ሠሩ።

ይህ መንገድ የማይሠራበት ቦታም አለ። በከተማው፣ በካውንቲው፣ በትምህርት ቤቶች፣ ማኅበር ባላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚሠራ ሰው ደመወዙ በጽሑፍ የተወሰነ ስኬል ነው፣ እንደ አገር ቤቱ እርከን አለው። እዚያ 64,000 ስጡኝ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ የሚያነጋግራችሁ ሰው ቁጥሩን የመቀየር ሥልጣን የለውም። እዚያ የሚጠየቀው «የትኛው እርከን ላይ ነው የምታስገቡኝ? ያለኝ ልምድ ለቀጣዩ እርከን ይቆጠራል?» የሚለው ነው። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ ለመጣችሁ፣ ማስረጃችሁ ተገምግሞ ካልቀረበ እርከን ላይ ሳይቆጠር ሊቀር ስለሚችል ከማመልከታችሁ በፊት አስገምግሙት።

ኢንሹራንሱን በአጭሩ ልጥቀስ። ዕድሜያችሁ ከ26 በታች ከሆነና ወላጃችሁ በመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ካለው፣ በእሱ ሥር መቆየት ትችላላችሁ። ስለዚህ አሠሪው «ደመወዙ ዝቅ ያለው ኢንሹራንሳችን ጥሩ ስለሆነ ነው» ካላችሁ፣ ለእናንተ ያ ጥቅም ለጊዜው ላያስፈልጋችሁ እንደሚችል አስቡበት።

ልጅቷ ሥራ ከጀመረች በኋላ የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ መጣች፣ እንዳየው። የሠራችው ሰዓት በግልጽ ተጽፎ ነበር፣ ሁለት ቀን ያመሸችበትም ለብቻው በአንድ ተኩል ተባዝቷል። በዚህ ክልል ኦቨርታይም የሚከፈለው ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት ላይ ጠቅላላ የሥራ ሰዓቱ መስፈር አለበት። በቤታችሁ በዚህ ዓመት ሥራ የጀመረ ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ ወረቀቱን አምጣ በሉትና ሰዓቱ መጻፉን እዩ። ዓመታዊ ደመወዙ ከ70,304 በታች ሆኖ ሰዓቱ ካልተጻፈ፣ በትሕትና ኤችአርን ይጠይቅ፤ ካልመለሱለት የካሊፎርኒያ ሌበር ኮሚሽነር ቢሮ አቤቱታ ይቀበላል፣ ለዚህም ምንም አያስከፍልም።